ብሩ ከኔ ተቆርጧል፣ እዛ ግን አልገባም፦ የት እንዳለ እንዴት ይገኛል?

አራት ኪሎ ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሰው የሚመጣው ብዙ ጊዜ መታወቂያ ኮፒ ለማድረግ ነው። በየጥቂት ቀኑ ግን አንዱ ስልኩን ዘርግቶ "እህቴ፣ ይሄን መልዕክት ፕሪንት አድርጊልኝ፣ ብሬ ተቆርጦ እዛ አልገባም" ይለኛል። ፊቱን አይቼ ብቻ አውቀዋለሁ። የቤት ኪራይ ነው፣ ወይ ለታመመ ሰው የተላከ ነው፣ ወይ የዕቃ ክፍያ ነው፤ የሚቀበለው ሰው ደግሞ ደጋግሞ እየደወለ ነው። እኔም ደርሶብኛል። ስለዚህ ያለፍኩበትን መንገድ ልጻፈው።

የምጽፈው ስለ አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ከሞባይል ብር ወደ ባንክ አካውንት ስለሚላከው። አብዛኛው ጣጣ ያለው እዛ ነው። በአንድ ድርጅት ውስጥ ከስልክ ወደ ስልክ ስትልኩ ሁለቱም ሂሳብ አንድ መዝገብ ላይ ነው፣ ከአንዱ ተቀንሶ ሌላው ላይ ወዲያው ይደመራል። ወደ ባንክ ስትልኩ ግን መዝገቡ ሁለት ነው። መጀመሪያ ከናንተ ይቆረጣል፣ ከዚያ "ለዚህ አካውንት ይህን ያህል አስገባ" የሚል ጥያቄ ወደ ባንኩ ይሄዳል፣ ባንኩ አስገብቶ "ገብቷል" ብሎ ይመልሳል። ያ መልስ መንገድ ላይ ከቀረ ችግሩ የሚጀምረው እዛ ነው። ላኪው ድርጅት ባንኩ አስገብቶ መልሱ ጠፍቶ እንደሆነ፣ ወይም ጭራሽ ጥያቄው ሳይደርሰው ቀርቶ እንደሆነ ወዲያው መለየት አይችልም። ስለዚህ ቶሎ አይመልስላችሁም። ቢመልስና ባንኩም አስገብቶ ከሆነ ብሩ ሁለት ቦታ ሊገኝ ነው። የሁለቱ መዝገብ እስኪመሳከር ገንዘቡ መሃል ላይ ይቆያል፣ ማመሳከሩን ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሥራ ቀን ሰው ቁጭ ብሎ ነው የሚሠራው። አርብ ማታ የተላከ ብር ሰኞ ድረስ የሚንጠለጠለው ለዚህ ነው።

ምልክቱን በደንብ እዩት

"አልገባም" የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግረንም። መጀመሪያ የራሳችሁን መልዕክት ክፈቱ። ወደ ባንክ ሲላክ በደህናው ቀን የሚመጣው መልዕክት ላይ ሁለት ቁጥር አለ። አንዱ የሞባይል ብሩ የራሱ የትራንዛክሽን ቁጥር ነው፣ ሌላው የባንኩ ነው። ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ይዞ ይሮጣል፤ መልሱ ያለው ግን ሁለተኛው ላይ ነው። የባንክ ቁጥር ካለ ባንኩ ጥያቄውን ተቀብሎ መዝግቧል ማለት ነው። የመጀመሪያው ብቻ ኖሮ የባንኩ ከሌለ ግን ብሩ ገና ላኪው ዘንድ ወይ መሃል ላይ ነው። መልዕክት ጭራሽ ካልመጣ አፑ ላይ የትራንዛክሽን ታሪክ ውስጥ ግቡ፣ ቁጥሩም ያለበት ሁኔታም እዛ ይታያል።

ከዚያ የላካችሁበትን አካውንት ቁጥርና ስም አሃዝ በአሃዝ አመሳክሩ። የተሳሳተ አካውንት ላይ ከገባ ጉዳዩ ሌላ ነው። ብሩ አልጠፋም፣ ሌላ ሰው ጋ ገብቷል። ያን ድርጅቱ ያለ ሰውየው ፈቃድ ዝም ብሎ ስቦ አያመጣውም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ደውላችሁ ሳይወጣ እንዲያዝ መጠየቅ ነው ያለው ዕድል።

ሌላው፣ ተቀባዩ "አልገባም" ያለው ምን አይቶ ነው? አብዛኛው ሰው መልዕክት ስላልመጣለት ነው እንዲህ የሚለው። የባንክ መልዕክት ይዘገያል፣ ይቀራል፣ ወይም ባንኩ ዘንድ የተመዘገበው ስልክ ድሮ የተቀየረ ነው። ስቴትመንት ያየ ሰው ቃሉ ይታመናል፣ መልዕክት የጠበቀ ሰው ግን ገና ምንም አላጣራም።

የኔው ጉዳይ

ግንቦት 8 ቀን 2017፣ አርብ ዕለት ነው። ሱቅ ልዘጋ ስል ለአከራዬ 8,500 ብር ኪራይ ወደ ባንክ አካውንቷ ላክሁ። አፑ ዞረ፣ ዞረ፣ ከዚያ "ጥያቄው አልተሳካም፣ እንደገና ይሞክሩ" ዓይነት ነገር አወጣ። ሂሳቤን ሳየው 8,500 ብሩ ከነአገልግሎት ክፍያው የለም። እጄ "ላክ" የሚለው ላይ ደርሶ ነበር። ተውኩት፤ ምክንያቱም ከሁለት ወር በፊት አንድ ደንበኛዬ በዚሁ መልዕክት ተታሎ ደግሞ ልኮ፣ በማግስቱ ሁለቱም ገብተው ተቀባዩን ሲለምን ከርሟል። እባካችሁ፣ "እንደገና ይሞክሩ" የሚለውን አትስሙት። ሂሳቡ ከቀነሰ የመጀመሪያው ገና ሕይወት አለው።

ታሪኩ ውስጥ ገባሁ። ትራንዛክሽን ቁጥሩ አለ፣ የባንኩ ቦታ ባዶ ነው። ስክሪንሾት አነሳሁና ለደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። "በ24 ሰዓት ይስተካከላል" አሉኝ። እዚህ ላይ ስልኩን መዝጋት ስህተት ነው። "ቅሬታዬን መዝግቡልኝ፣ የቅሬታ ቁጥሩን ስጡኝ" በሏቸው። ቁጥር ካልያዛችሁ ነገ የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው፣ ከመጀመሪያ ታስረዳላችሁ።

ቅዳሜ ምንም የለም። አከራዬ ደወለች፤ ደግ ሴት ናት፣ ግን ድምፅዋ ቀዝቅዟል። "እትዬ፣ ስልክዎ ላይ ሳይሆን ሰኞ ቅርንጫፍ ሄደው ስቴትመንት ያውጡልኝ" አልኳት። ሰኞ ጠዋት ስቴትመንቱ ላይ ምንም የለም። እኔ ስደውል ደግሞ "በእኛ በኩል ስኬታማ ነው" ይላሉ። አንዱ ሄዷል ይላል፣ ሌላው አልመጣም ይላል፤ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚተወው እዚህ ጋ ነው።

ይህን ቋጠሮ የሚፈታው አንድ ጥያቄ ነው፦ "ስኬታማ ከሆነ የባንኩን የማስተላለፊያ ቁጥር ስጡኝ።" ብሩ ባንክ ገብቶ ከሆነ ቁጥር አለው። ቁጥር ከሌለው አልገባም፣ ሊመልሱልኝ ይገባል። ልጅቷ ለደቂቃዎች አቆየችኝና "ገና እየታየ ነው፣ ከሰዓት ደውይ" አለች። ከሰዓት ስደውል FT25139 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ሰጠችኝ።

እስቲ ይህን ቁጥር እንየው። FT የሚል ቁጥር የሚሰጡ ባንኮች አሉ፣ ቁጥሩም ዝም ብሎ የተደረደረ አይደለም። ከFT በኋላ ያሉት ሁለት አሃዞች ዓመቱ ናቸው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር 2025። ቀጥሎ ያሉት ሦስቱ የዓመቱ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ይናገራሉ። የላክሁበት አርብ ሜይ 16 ነው፣ የዓመቱ 136ኛ ቀን። 139 ግን ሰኞ ሜይ 19 ነው። ስለዚህ አርብ የተላከው ብር ባንኩ መዝገብ ላይ የወረደው ሰኞ ነው። ጠዋት የወጣው ስቴትመንት ባዶ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ማንም አልዋሸም። አርብ ደግሜ ልኬ ቢሆን 17,000 ብር ገብቶላት ነበር።

አከራዬ ግን ማታም "አልገባም፣ መልዕክት የለም" አለች። ቁጥሩን ወረቀት ላይ በትልልቁ ጽፌ ማክሰኞ ጠዋት አብረን ቅርንጫፉ ሄድን። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ ቁጥሩን እንዳስገባ 8,500 ብሩ ወጣ። መልዕክቱ ያልመጣው የተመዘገበው ስልክ የሟች ባለቤቷ ስለነበረ ነው። እዛው ስልኩን አስቀየርን።

በሌላው በኩል ቢሆንስ

የባንክ ቁጥር ከሌለው፣ ትክክለኛው መፍትሄ ወደ ላኪው ሂሳብ መመለስ ነው። ተቀባዩን ባንክ ማሳደድ ትርፉ ድካም ነው፣ ያልደረሰውን ብር ፈልጎ አያገኝም። ከላካችሁበት ድርጅት ጋር ጨርሱ። ሲመለስም የአገልግሎት ክፍያው አብሮ መመለሱን እዩ።

ጥቂት ቀን አልፎ መልስ ከሌለ በጽሑፍ አቅርቡ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ ስልካችሁ፣ የትራንዛክሽን ቁጥሩ፣ የገንዘቡ መጠን፣ የተቀባዩ ባንክና አካውንት፣ የቅሬታ ቁጥሩ፣ እና የምትፈልጉት። ሱቄ የሚመጡት ሰዎች ደብዳቤ ላይ ደጋግሜ የማርመው ግን ሰዓቱን ነው። እኛ "ከቀኑ 11 ሰዓት ከ42፣ ግንቦት 8" ብለን እንጽፋለን፣ መዝገቡ የሚያውቀው ግን 17:42ን እና ሜይ 16ን ነው። ፈላጊው 11:42 ላይ ጠዋት ፈልጎ "የተባለው ትራንዛክሽን አልተገኘም" ብሎ ይመልሳል። መልዕክቱ ላይ እንዳለው ገልብጡ፣ የኛን አቆጣጠር ከፈለጋችሁ ከጎኑ ጨምሩበት። በእጅ ስትገለብጡም ዜሮን ከኦ ፊደል፣ አንድን ከአይ ፊደል ለዩ። ፕሪንት ማድረጉ ይሻላል። ኮፒው ላይ የተቀበለው ሰው ፈርሞ ቀን ይጻፍላችሁ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ካልተፈታ የሚቀጥለው ብሔራዊ ባንክ ነው፣ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ያለው። ሁሉንም የሚቆጣጠረው እሱ ነው፤ የፋይናንስ ተጠቃሚዎችን ጥበቃ የሚመለከት መመሪያም አለው። ግን ባዶ እጅ አትሂዱ። መጀመሪያ ድርጅቱን ጠይቃችሁ እንደነበር የሚያሳየው ያ የተፈረመበት ኮፒ ነው።

አንድ ነገር በጣም ያሳዝነኛል፣ እሱን ልናገር። ብር የተንጠለጠለበት ሰው ተጨንቆ ፌስቡክ ወይ ቴሌግራም ላይ "አልገባልኝም" ብሎ ከነቁጥሩ ይጽፋል። ወዲያው አንዱ በውስጥ መስመር "ከደንበኞች አገልግሎት ነኝ፣ እንድመልስልህ የመጣልህን ኮድ ንገረኝ" ይለዋል። ባለፈው አንዲት እናት የቀረውን ሂሳባቸውንም በዚህ አጡ። የጠፋን ብር ለመፈለግ የትራንዛክሽን ቁጥር ይበቃል። ሚስጥር ቁጥርም ሆነ በመልዕክት የመጣ ኮድ አያስፈልግም፤ የጠየቃችሁ ሰው ካለ ዝጉበትና ራሳችሁ ወደ ድርጅቱ ደውሉ።