የኢንቨስተር ፒች ረቂቅ እንዴት ይገመገማል? ቁጥሩን ከታች ወደ ላይ መቁጠር

ፒች፣ ማለትም ከኢንቨስተር ገንዘብ ለመጠየቅ የሚቀርብ የድርጅት ማብራሪያ፣ መገምገም ያለበት ስላይድ ከመሆኑ በፊት፣ በአንድ ወይም በሁለት ገጽ ነጥብ በነጥብ ተጽፎ ሳለ ነው። ስላይዱ አንዴ ካማረ በኋላ አስተያየት ሰጪው ሁሉ ቁጥሩን ትቶ ቀለም ማረም ይጀምራል። ረቂቁን ያትሙት፣ አንዴ ሳያቋርጡ ያንብቡት፤ በሁለተኛው ንባብ ቁጥር ያለበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ያስምሩበት።

ለማሳያ ያህል፣ ለትንንሽ መድኃኒት ቤቶች የክምችት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር በወር 20 ዶላር የሚያከራይ ስታርታፕ እንውሰድ። ረቂቁ «የመድኃኒት ገበያው በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነው፤ 1 በመቶውን ብቻ ብንይዝ እንኳ…» ይላል። ቢሊዮኑ ሕመምተኞች ለመድኃኒት የሚከፍሉት ገንዘብ ነው፤ ይህ ድርጅት ደግሞ መድኃኒት አይሸጥም። 1 በመቶውም ቢሆን ትንሽ ስለሚመስል የተጻፈ እንጂ ከምንም የተሰላ አይደለም።

ስለዚህ የራስዎን ስሌት ከታች ይጀምሩ፦ የሚከፍለው ማን ነው፣ ስንት ናቸው፣ እያንዳንዱ በዓመት ስንት ይከፍላል? ሊሠሩበት ባሰቡት አገር 12,000 መድኃኒት ቤቶች አሉ እንበል። ከእነዚህ 4,000ዎቹ የሰንሰለት ድርጅቶች ቅርንጫፎች ናቸው፤ ሶፍትዌር የሚመርጥላቸው ዋናው መሥሪያ ቤት ስለሆነ ይቀነሳሉ። 3,000ዎቹ ኮምፒውተር የላቸውም፤ እነሱም ይውጡ። የቀሩት 5,000 ናቸው፤ በዓመት 240 ዶላር ሲባዛ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። ያውም ሁሉም ቢገዙ ነው።

አብዛኛው ኢንቨስትመንቱ እንደሚከስር አስቀድሞ ለሚያውቅና የተሳካው ጥቂቱ ሌላውን እንዲያካክስለት ለሚፈልግ ኢንቨስተር ይህ ገበያ አይበቃም። ጸሐፊው ዋጋውን ሊያሻሽል፣ ለሰንሰለቶቹም የሚሆን ምርት ሊያስብ፣ ወይም በትንሽ ግን በሚያተርፍ ድርጅት የሚረካ የገንዘብ ምንጭ ሊፈልግ ይችላል። ምርጫው የእሱ ነው። የእርስዎ ድርሻ እያንዳንዱ ቅነሳ ምንጭ እንዳለው ማየት ነው፦ 12,000 ከፈቃድ ሰጪው መዝገብ፣ የኮምፒውተሩ ግምት ቢያንስ 50 ለሚሆኑ መድኃኒት ቤቶች ደውሎ ከተገኘ መልስ። በውድ የተገዛ የገበያ ጥናት ገዢዎቹን በዓይነት ካልከፋፈለ ለዚህ ሥራ ብዙም አይረባም።

ቀጥሎ የደንበኛ ማስረጃው። «ከ800 በላይ ተጠቃሚዎች አሉን» የሚል መስመር ሲያገኙ፣ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ተጠቃሚ ማለት ምን ያደረገ ሰው ነው? ባለፉት 30 ቀናት የተጠቀመው ስንት ነው? የሚከፍለውስ? መልሱ 800 ተመዝግበው 140 ተጠቅመው 35 ከፍለው ከሆነ፣ በረቂቁ ላይ መቅደም ያለበት 35 ነው። ከዚያ ከ35ቱ የመሥራቾቹ ዘመድና ወዳጅ የሆኑትን ለይተው ያስቀምጡ። ከተመሠረተ ጀምሮ የተመዘገበውን ሁሉ የሚደምር ግራፍ ደንበኛ እየሸሸም ቢሆን ወደ ታች ሊወርድ አይችልም፤ ስለዚህ አያሳምንም። በእሱ ፋንታ ደንበኞቹን መክፈል በጀመሩበት ወር መድቦ፣ ከሦስት ወር በኋላ ከየምድቡ ስንቱ መክፈሉን እንደቀጠለ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይጠይቁ። ከ10 ደንበኛ 9ኙ መቀጠላቸው ከ800 ምዝገባ ይልቅ ያስተማምናል። «በወር 100 በመቶ አደግን» ሲባልም መነሻውን ይመልከቱ፤ ከ4 ወደ 8 ማደግም 100 በመቶ ነው። የፍላጎት ደብዳቤና ነጻ ሙከራ ቢጠቀሱ አይከፋም፣ ከገቢ ጋር ግን አይደመሩ።

በመጨረሻ ረቂቁን እምቢ ለማለት ሰበብ እንደሚፈልግ ሰው ሆነው ያንብቡት። በምሳሌያችን የሚነሳው ጥያቄ ግልጽ ነው፦ ጅምላ አከፋፋዩ ተመሳሳይ ሶፍትዌር ለደንበኞቹ በነጻ ቢሰጥስ? መድሃኒት ቤቱ ውስጥ ያለውን በሺህ የሚቆጠር ዕቃ መጀመሪያ ማን ቁጭ ብሎ ይመዘግባል? ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ደንበኛ የሚጠፋው ግን በዚያው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። «ጎበዝ ቡድን አለን» መልስ አይደለም። «ምዝገባውን እኛ እንሠራለን፣ አንድ ሰው ሁለት ቀን ይፈጅበታል፣ ወጪውን የአራት ወር ክፍያ ይሸፍነዋል» ግን መልስ ነው። መልስ ከሌለ በምን ሙከራ፣ እስከ መቼ እንደሚጣራ ይጻፍ። መልሱን መጨረሻ ላይ «ስጋቶች» በሚል ርዕስ ማጎር ጥሩ አይደለም፤ ጥያቄው በአንባቢው አእምሮ በሚነሳበት ቦታ ይግባ። «ተወዳዳሪ የለንም» የሚል ካለ ይሰረዝ፤ ደብተርና ኤክሴልም ተወዳዳሪ ናቸው።

አስተያየትዎን ሲመልሱ ከሦስት ጥያቄ አይብለጡ፤ ከየክፍሉ አንድ፣ የገበያውን አስቀድመው። የገበያው ቁጥር ከተለወጠ የሚጠየቀው ገንዘብ መጠንም ስለሚለወጥ፣ ያ ሳይስተካከል ሌላውን ማረም ድካም ነው።