ከፊል ክፍያ ሲገባ ለደንበኛ ምን ብለን እንጻፍ?

የቤት ዕቃ የምትሠሩ ናችሁ እንበል። አንድ ደንበኛ በ48,000 ብር ቁም ሳጥን አሠርቶ በዱቤ ወስዷል። ከዚህ በፊት 10,000 ከፍሏል። ቀሪውን መስከረም 30 ሊጨርስ ነበር፤ በቀኑ ግን 15,000 ብቻ አስገባና የዝውውሩን ፎቶ በቴሌግራም ላከ።

ፎቶውን አይታችሁ «ደርሶኛል» አትበሉ። የተቀነባበረ የዝውውር ፎቶ ሞልቷል። መጀመሪያ የባንክ ወይም የቴሌብር ሂሳባችሁን ራሳችሁ ክፈቱ። የገባውን መጠን፣ ቀኑንና የግብይት ቁጥሩን እዩ።

ከዚያ መልስ ከመጻፋችሁ በፊት ደውሉ። ቀኑን እናንተ አትቁረጡለት፤ «ቀሪው 23,000 መቼ ይመችዎታል? ገንዘቡስ ከየት ይገባል?» ብላችሁ ጠይቁ። ደመወዝ የሚጠብቅ ሰው ደመወዙ ከመውጣቱ በፊት ቀን ቢሰጣችሁ ያው መልሳችሁ መደወላችሁ አይቀርም። «በወሩ መጨረሻ አካባቢ» ካለም ቁርጥ ያለ ቀን እስኪናገር ጠብቁ።

ስልኩ እንደተዘጋ፣ ወሬው ሳይበርድ፣ በጽሑፍ ላኩ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ለቁም ሳጥኑ ዛሬ መስከረም 30 ቀን 2019 ዓ.ም. ያስገቡት 15,000 ብር ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። የግብይት ቁጥሩ እርስዎ ከላይ በላኩልኝ ፎቶ ላይ ያለው ነው። ጠቅላላ ዋጋ 48,000፣ እስካሁን የተከፈለ 25,000፣ ቀሪ 23,000 ብር። በስልክ እንደተስማማነው ቀሪውን አርብ ጥቅምት 20 ቀን 2019 ዓ.ም. ያጠናቅቃሉ። ትክክል ከሆነ መጠኑንና ቀኑን ጽፈው ያረጋግጡልኝ።»

ሦስቱም ቁጥሮች ይግቡ። ቀሪውን ብቻ ከጻፋችሁ ደንበኛው የቀድሞውን 10,000 ቆጥራችሁለት እንደሆነ አያውቅም። ጭቅጭቅ የሚነሳው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው። ሰውየው ሌላም ዕዳ ካለበት ክፍያው ለየትኛው እንደሆነ መጻፍ ግድ ነው። «ሂሳቡ ገብቷል» ብላችሁ ከተዋችሁት ደግሞ ነገ «ጨርሻለሁ እኮ» ሊላችሁ ይችላል።

የሳምንቱን ቀን የጨመርነው በምክንያት ነው፤ አንዱ ቁጥሩን ቢሳሳት ወዲያው ይታያል። ከፋዩ አሜሪካ ያለ ዘመድ ከሆነ የፈረንጁንም ቀን ጨምሩ፤ ጥቅምት 20 ለሱ ኦክቶበር 30 ነው። «10/20» ብሎ መጻፍማ ለጠብ መጋበዝ ነው፤ እሱ ኦክቶበር 20 ብሎ ያነበዋል።

«እሺ» ብቻ ብሎ ከመለሰ፣ «23,000፣ አርብ ጥቅምት 20፣ አይደል?» ብላችሁ አንድ ጊዜ ጠይቁት። በጽሑፍ ማመኑ ለክርክርም ይጠቅማል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1851 መሠረት ባለዕዳው ዕዳውን ሲያምን፣ ለምሳሌ ከፊሉን ሲከፍል፣ የይርጋው ጊዜ፣ ማለትም ዕዳውን በፍርድ ቤት መጠየቅ የሚቻልበት የጊዜ ገደብ፣ ይቋረጥና እንደገና ይቆጠራል።

አዲሱ ቀን ሁለት ቀን ሲቀረው ያንኑ መልእክት ጠቅሳችሁ አጭር ማስታወሻ ላኩ። ያን ቀንም ካሳለፈ፣ ሦስተኛ ቀን ከመስጠታችሁ በፊት የተወሰነ ገንዘብ እዚያው እንዲያስገባ ጠይቁ።