የግቢያችን ኢንተርሎክ ለምን ጎደለ?

ለገጣፎ ያለው ግቢያችን አንዱ አጥሩ ሰያፍ ነው፤ ሲለካ 48 ካሬ ወጣ። ባለ 20 በ10 ሳንቲ ኢንተርሎክ ለአንድ ካሬ 50 ፍሬ ስለሚገባ አንጣፊው 2400 አስመጣ፣ መሃሉ በደንብ ሄደና ሰያፉ አጥር ጋ ስንደርስ ጎደለ። ምክንያቱ ቆረጣው ነው። ሰያፍ ላይ ከተቆረጠው የሚተርፈው ቁራጭ አብዛኛው ሌላ ቦታ አይገጥምም። 10 በመቶ ጨምሬ 2640 አደረግኩት፤ አጥሩ ሁሉ ቀጥ ያለ ቢሆን 5 በመቶ ይበቃ ነበር።

ከኢንተርሎኩ ስር የሚነጠፈው አሸዋ ተጠቅጥቆ ውፍረቱ 4 ሳንቲ ይሁን ካልን 1.92 ሜትር ኩብ ነው፣ ግን ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ ሩቡን ጨምሬ 2.4 አዘዝኩ። ጎድጓዳውን መሬት ግን በአሸዋ አትሙሉት፣ መኪና ሲቆምበት ይሰምጣል! እኛ መጀመሪያ በሰሌክት አፈር ሞልተን ጠቀጠቅነው። የመጋጠሚያው ደቃቅ አሸዋ ለብቻው ነው የሚታዘዘው።