የባር ቻርት ስክሪንሾትን ወደ መቶኛ ሲቀይሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጠይቅ ውጤት አንዳንዴ ባሮቹ ላይ ቁጥር ሳይጻፍበት፣ በስክሪንሾት ብቻ ይደርሳል። እንዲህ ያለውንም ቢሆን ለክቶ ወደ መቶኛ መመለስ ይቻላል። ለምሳሌ የአንድ ሥልጠና ተሳታፊዎች የተጠየቁትን እንውሰድ። ባሮቹ አራት ናቸው፦ «በጣም ረክቻለሁ»፣ «ረክቻለሁ»፣ «መካከለኛ» እና «አልረካሁም»። በግራ በኩል ያለው የቁጥር መስመር ከ0 እስከ 40 ሰው ያሳያል። መጠይቁን የሞሉት 87 ሰዎች ሲሆኑ ከዚህ ጥያቄ ሥር የተጻፈው ግን «83 ምላሾች» ይላል።

በዓይን መገመት

«40 ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል፣ 37 ይሁን» ማለት ስህተቱን ገና ከመነሻው ያስገባል። ምስሉን በፔይንት ይክፈቱና የመዳፊቱን ቀስት መስመሮቹ ላይ ያሳርፉ፤ ከታች በግራ ከሚታዩት ሁለት ቁጥሮች የሚያስፈልግዎ ሁለተኛው ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ ባሩ በረዘመ ቁጥር የጫፉ ቁጥር ያንሳል።

የ0 መስመር 620 ላይ፣ የ40 መስመር ደግሞ 140 ላይ ቢገኝ በመካከላቸው 480 ፒክስል አለ፤ ለአንድ ሰው 12 ፒክስል ይደርሳል ማለት ነው። የባሮቹ ጫፎች 164፣ 344፣ 452 እና 524 ላይ ከሆኑ መላሾቹ 38፣ 23፣ 14 እና 8 ናቸው። የጫፉን ቁጥር ኤክሴል ላይ B2 ውስጥ ካስገቡ ቀመሩ ይህ ነው፦

```
=(620-B2)/(620-140)*40
```

ሰው በግማሽ አይቆጠርምና ውጤቱ ለሙሉ ቁጥር የቀረበ መሆን አለበት። 22.9 ቢመጣ 23 ነው፤ 23.5 ቢመጣ ግን ወይ መስመሩ በትክክል አልተነበበም፣ ወይ ምስሉ ከስክሪን ላይ በካሜራ አጋድሎ የተነሣ ነው። ጫፎቹ ከደበዘዙ ላኪው ምስሉን በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲልክልዎ ይጠይቁ።

የባሩን ግርጌ ሁልጊዜ ዜሮ ነው ብሎ ማሰብ

መስመሩ ከ20 የሚጀምር ቻርት ላይ 38 እና 23 ሰዎችን የሚያሳዩ ባሮች ቁመታቸው 18 እና 3 ይሆናል። አንዱ የሌላውን ስድስት እጥፍ መስሎ ይታያል፤ እውነተኛው ልዩነት ግን ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ቁጥር የተጻፈባቸውን ሁለት መስመሮች ይዘው ያስሉ፤ የታችኛው መስመር 20፣ የላይኛው 40 ከሆነ በቀመሩ መጨረሻ በ40 ፋንታ በልዩነታቸው በ20 ያባዙ፤ ባገኙት ላይ 20 ይደምሩ።

ባሮቹን በራሳቸው ድምር አካፍሎ «መቶ ሞላ» ማለት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ያገኙትን ቁጥሮች በራሳቸው ድምር ካካፈሉ ልኬቱ የተሳሳተም ቢሆን ውጤቱ ምንጊዜም መቶ ይሞላል፤ እንዲያ ያለው መቶ ምንም አያረጋግጥም።

ስክሪንሾቱ ሲቆረጥ «አልረካሁም» የሚለው ባር ቀረ እንበል። የሚታየው 38፣ 23 እና 14፣ በድምሩ 75 ነው። በ75 ሲካፈል 50.7፣ 30.7 እና 18.7 ይመጣል፤ ከማጠጋጋት የመጣችው 0.1 ካልሆነች በቀር መቶ ሞልቷል። ነገር ግን በጣም የረኩት 50.7 ሳይሆኑ 45.8 በመቶ ናቸው፤ ያልረኩት ደግሞ ጭራሽ ከውጤቱ ጠፍተዋል። ስለዚህ መቶኛ ከማስላትዎ በፊት የሰዎቹን ድምር ቻርቱ ላይ ከተጻፈው 83 ጋር ያስተያዩ። 75 ከሆነ 8 ሰው የት ገባ? ሙሉውን ምስል ያስልኩ።

በሌላ ጠቅላላ ቁጥር ማካፈል

በ87 ቢያካፍሉ ድምሩ 95.4 ላይ ይቆማል፤ አራት ሰዎች ጥያቄውን አልፈውታልና። የጥያቄውን 83 ይጠቀሙ፤ በ87 ማስላት ከፈለጉ «አልመለሱም» የሚል 4.6 በመቶ ይጨምሩ።

ብዙ መልስ የሚፈቅድ ጥያቄን በግድ መቶ ማስሞላት

ጉግል ፎርምስ ላይ መላሹ ከአንድ በላይ ምርጫ ላይ ምልክት ማድረግ ከቻለ መቶኛው የሚሰላው በሰዎች ቁጥር ነው። ድምሩ ከመቶ ቢበልጥ ትክክል ነው፤ ስህተት የሚሆነው አንዱ ባር ብቻውን ከመቶ ሲበልጥ ነው።

101 ሲመጣ ከአንዱ ላይ መቀነስ

የእኛ ውጤት ወደ ሙሉ ቁጥር ሲጠጋጋ 46፣ 28፣ 17 እና 10 ይሆናል፤ ድምሩ 101 ነው። የልኬት ስህተት የለበትም፤ አራቱም ወደ ላይ ስለተጠጋጉ ነው። 10ን ወደ 9 ዝቅ ማድረግ ያልረኩትን ሰዎች ድርሻ ያለ ምክንያት ያሳንሳል። በአንድ አስርዮሽ 45.8፣ 27.7፣ 16.9 እና 9.6 ብለው ይጻፉ፤ ልክ 100 ይሞላል። ሙሉ ቁጥር ግድ ከሆነ ከሥሩ «በማጠጋጋት ምክንያት ድምሩ 101 ነው» የሚል ማስታወሻ ይተዉ። አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ ማጠጋጋት ብቻውን ድምሩን ከ98 በታች ወይም ከ102 በላይ አያደርሰውም፤ 97 ወይም 104 ካዩ ወደ ልኬቱ ይመለሱ።