ስፌቱ ድኖ ለምን ይከብደኛል? ከወሊድ በኋላ ስለ ዳሌ ወለል የምንሳሳታቸው ነገሮች

አንዲት እናት ሁለተኛ ልጇን ከወለደች ከአራት ወር በኋላ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍላችን መጣች። «እህቴ፣ ስፌቱ ድኗል ብለውኛል። ጠዋት ደህና ነኝ። ማታ ማታ ግን የሆነ ነገር ወደ ታች ይጎትተኛል» አለችኝ።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ስፌቱ ከዳነ ሁሉም ድኗል ብሎ ማሰብ። የዳሌ ወለል የምንለው ከዳሌ ስር ያለው ጡንቻ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ላይኛው ሌቫተር አናይ ይባላል። ከፊት ካለው የብልት አጥንት እስከ ጭራ አጥንት ተዘርግቶ ፊኛን፣ ማህፀንንና የአንጀትን ጫፍ ከስር ይደግፋል። ታችኛው በብልትና በፊንጢጣ አካባቢ ያለው ፔሪኒየም ነው። እዚያ ከፊት በኩል አንድ ጠንካራ ሽፋን ቦታውን ለሁለት ይከፍለዋል። ከሽፋኑ በላይ ሽንት የሚይዘው ጡንቻ አለ፤ ከሽፋኑ በታች ደግሞ የብልትን መግቢያ የከበቡት ትንንሽ ጡንቻዎች አሉ። በወሊድ ጊዜ ተቀዶ የሚሰፋው ብዙውን ጊዜ ይህ የታችኛው ነው። ላይኛው ግን ከብልት አጥንት ላይ ሊላቀቅ ይችላል፣ በተለይ ሕፃኑ ፎርሴፕስ በሚባል መቆንጠጫ መሣሪያ ተስቦ ከወጣ። ከውጭ ምንም ምልክት ላይኖረው ይችላል።

ሁለተኛው ስህተት፣ ማህፀን በጅማት ብቻ ተንጠልጥሎ ይኖራል ብሎ ማሰብ ነው። እንስራ በጀርባ የተሸከመች ሴትን አስቢ። ክብደቱን የሚችለው ጎንበስ ያለው ወገቧ ነው፤ ገመዱ እንዳይንሸራተት ብቻ ይይዘዋል። ቀጥ ካለች ሸክሙ ሁሉ ገመዱ ላይ ይወድቃል። እዚህም ወገቡ ሌቫተር ነው። እሱ ሲላላ ጅማቶቹ ቀስ በቀስ ይለጠጣሉ፤ ማህፀኑም ይወርዳል።

በብዛት የማየው ግን ሦስተኛውን ነው፤ ጡንቻውን ለማጠንከር ሲለማመዱ ወደ ላይ መሳብ ሲገባ ወደ ታች ማማጥ። ያቺን እናት «እስቲ ጨምቂው» ስላት ትንፋሿን ያዘች፣ ሆዷን ወጠረች፣ ፔሪኒየሟም ወደ ውጭ ተነፋ። ለሳምንታት ልምምድ ብላ በቀን ስንት ጊዜ ስታምጥ ከርማለች ማለት ነው። ራስሽን ለማየት ተኝተሽ ጉልበትሽን እጠፊ። ጣትሽን በብልትና በፊንጢጣ መካከል አድርጊና ፈስ እንደምትይዢ ሳቢ። ቦታው ከጣትሽ ሸሽቶ ወደ ውስጥ ከገባ ልክ ነሽ። ጣትሽን ከገፋ ተይው፣ እንደገና ጀምሪ። ቂጥና ጭን ዝም ይበሉ፤ ትንፋሽም አይያዝ። ስምንት ጊዜ ሳብ፣ ለቀቅ፤ በቀን ሦስት ዙር፣ ቢያንስ ለ3 ወር። መልቀቁም እንደ መሳቡ ሙሉ ይሁን። ሽንትን መሃል ላይ እያቋረጡ መለማመድ ግን ይቅር፤ ፊኛው በደንብ እንዳይራገፍ ያደርጋል።

ያቺ እናት አቅጣጫውን ካስተካከለች በኋላ የማታው ክብደት ቀለላት። የተላቀቀን ጡንቻ ግን ልምምድ ከአጥንት ጋር መልሶ አያጣብቀውም። እብጠት በብልትሽ በር ላይ ከተሰማሽ ወይም ሽንት አልወጣ ካለሽ መታየት አለብሽ፤ ማህፀኑን ከስር የሚደግፍ ፔሰሪ የሚባል ቀለበት ወይም ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል።