ከባሕር ዳር ለሥራ መብረር ሲያስፈልግ፦ ለኃላፊ የሚጻፍ የፈቃድ ኢሜይል

ባሕር ዳር ላሉ መሥሪያ ቤቶች የአዲስ አበባ ስብሰባ የተለመደ ነው። የበረራ ፈቃድ ስትጠይቅ ደግሞ ኃላፊህ መጀመሪያ የሚያስበው «አውቶቡስ አለ አይደል እንዴ?» ብሎ ነው። ኢሜይሉን ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆን አድርገህ ጻፈው።

መጀመሪያ ዋጋዎቹን በአንድ ቀን ሰብስብ። የቲኬት ዋጋ ብቻውን አይበቃም። ከቤት ወጥተህ ቤት እስክትመለስ የሚወጣውን ሁሉ ደምር፤ ታክሲው፣ አልጋው፣ ውሎ አበሉ፣ በመኪና ከሆነ የሾፌሩም አበል አለ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ርዕሱ ላይ የምትፈልገውን በሙሉ አስቀምጥ። ኃላፊህ ስልኩ ላይ ርዕሱን ብቻ አይቶ ነገሩን ይረዳ። ብሮቹ ለምሳሌ የገቡ ናቸው፦

«ርዕስ፦ የበረራ ፈቃድ፣ ባሕር ዳር–አዲስ አበባ ደርሶ መልስ፣ ኅዳር 2፣ 17,400 ብር

ጤና ይስጥልኝ። ማክሰኞ ኅዳር 2 ቀን 2018 (ኖቬምበር 11) ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ከአቅራቢው ጋር ውል እንፈራረማለን። በአውሮፕላን ሄጄ በዚያው ቀን ማታ እንድመለስ እንዲፈቅዱልኝ እጠይቃለሁ።

አውሮፕላን፦ ቲኬት 15,200፣ ታክሲ 1,600፣ ውሎ አበል 600። ድምር 17,400 ብር፣ 1 ቀን።

የቢሮ መኪና፦ ነዳጅ 14,500፣ የእኔና የሾፌሩ የ2 ሌሊት አልጋና አበል 8,000። ድምር 22,500 ብር፣ 3 ቀን።

አውቶቡስ፦ ቲኬት 3,400፣ የ2 ሌሊት አልጋና አበል 4,000፣ ታክሲ 1,000። ድምር 8,400 ብር፣ 3 ቀን።

አውቶቡሱ በ9,000 ብር ይረክሳል። ነገር ግን ሰኞና ረቡዕ መንገድ ላይ ስለምውል የወሩ ሪፖርት አይደርስም።

ዋጋው ዛሬ ጠዋት የታየ ነው። ቲኬቱ እስከ 16,500 ብር ቢደርስም እንድገዛ ይፍቀዱልኝ። ስክሪንሹት አያይዣለሁ።»

አውቶቡሱ እንደሚረክስ ራሴ መናገሬን ልብ በል። ብትደብቀው ኃላፊህ ራሱ ያገኘዋል፤ ያኔ ሌላውንም ቁጥርህን መጠርጠር ይጀምራል። ምክንያትህም የሚቆጠር ሥራ ይሁን። «የዓባይ በረሃ ያደክማል» እውነት ነው፣ የወረደበት ያውቀዋል፤ ግን 9,000 ብር አያስፈቅድም። ሁለቱን ቀን የሚጠብቅ ሥራ ከሌለህ በአውቶቡስ ሂድ።

ከመላክህ በፊት ሰዓቱን አጣራ። ቲኬት የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እኔ አንድ ጊዜ ቲኬቱ ላይ ያየሁትን 07:00 እንዳለ «7 ሰዓት» ብዬ ጻፍኩት። ሾፌሩ ሊያደርሰኝ ቀን 7 ሰዓት ላይ ከተፍ አለ። አውሮፕላኑ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሄዷል። ከዚያ ወዲህ «07:00፣ ማለትም ጠዋት 1 ሰዓት» እያልኩ እጽፋለሁ። ስምህንም መታወቂያህ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አመሳክር።

የዋጋ ጣሪያውን የጠየቅኩትም በምክንያት ነው። ፈቃዱ ከሁለት ቀን በኋላ ሲመጣ 15,200ው ብዙ ጊዜ የለም። ጣሪያ ካለህ አዲስ ኢሜይል ሳትጽፍ በዚያው ትገዛለህ።