ሃርድ ዲስክ «ቀጭ... ቀጭ» ሲል

ሃርድ ዲስካችሁ ሲጠፋ አንዴ ቀጭ ቢል ችግር የለውም፤ መረጃ የሚያነበው ጭንቅላት ወደ ማረፊያው ሲመለስ ነው። በእኩል ልዩነት «ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ» እያለ ካልተከፈተ ግን፣ ጭንቅላቱ መረጃው በተጻፈበት የሚሽከረከር ሳህን ላይ መንገዱን የሚያውቅበትን ምልክት ማንበብ አቅቶት ደጋግሞ እየሞከረ ነው። የውጪ ዲስክ ከሆነ አንዴ ኬብል ቀይራችሁ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩት፤ ኃይል ሲያንሰውም ልክ እንዲህ ይላል። ካልተለወጠ አጥፉት።

ብረት እንደሚፋቅ «ክርርር» ካለ ግን ይህንንም አትሞክሩ፣ ወዲያው ንቀሉት! ጭንቅላቱ ሳህኑን ነክቶ መረጃው ያለበትን ስስ ሽፋን እየላጠው ሊሆን ይችላል፤ የተላጠውን ማንም አይመልሰውም። እባካችሁ ሪከቨሪ ሶፍትዌር አታስጀምሩበት፣ ክዳኑንም አትክፈቱ። ፋይሉ የግድ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ፣ ዲስኩን ዳግም ሳታበሩ አቧራ የሌለበት ንጹሕ ክፍል ላለው የዳታ ማዳን ባለሙያ ስጡት።